ደብቄ ያስቀመጥኩት ሴክሽን

ቤቴን ስሠራ ከተናደድኩት ንዴት ዘጠኝ እጁ በራሴ ላይ መሆን ነበረበት። እኔ ግን አሥሩንም እጅ ለግንበኛው ሰጠሁት። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ዛሬ ግን የሚፈላው በትክክለኛው ሰው ላይ ነው።

ጋምቤላ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። ካርታ ማንበብ ያቃተውን ተማሪ ከሰሌዳው ፊት አቁሜ ስንቱን አሳፍሬአለሁ! ይህን ሁሉ ዓመት የኖርኩት ግን በኪራይ ቤት ነው። የመጀመሪያ ቤቴን መሥራት የጀመርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ከወጣ በኋላ ማለቴ ነው።

ቤቱ በዋናነት ለባለቤቴ ነበር። ጡረተኛ ነርስ ናት፤ አስም አለባት። የተከራየናት ቤት ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ቆርቆሮ ስለሆነ በጋው ሲበረታ ትንፋሿ ያጥራታል፤ ከቀትር በኋላ ወንበሯን ይዛ ግቢው ውስጥ ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር ትሰደዳለች። ፕላኑን የሠራችልን መሐንዲስ የከተማዋ ልጅ፣ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ምን ዓይነት ቤት እንደምንፈልግ ስትጠይቀን እኔ ስለ በረንዳው አምድ አንድ ሰዓት አወራሁ። ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ አለች፦

«ሙቀቱ የሚወጣበት መስኮት። ከላይ፣ ኮርኒሱ ሥር። በሁለቱም በኩል።»

መሐንዲሷ ሦስት ወረቀት አመጣችልን። ልታስረዳን ስትጀምር አቋረጥኳት።

«አንቺ ልጅ፣ ስኬል ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር። ግን ይሄ ካርታ አይደለም፤ ሦስቱ ወረቀቶች አብረው ነው የሚነበቡት...»

«ሂጂ ወደ ሥራሽ!» አልኳት። ሄደች። ምን ታድርግ?

ከዚያ ሦስቱን ወረቀቶች ለሦስት ቦታ በተንኳቸው። አንደኛውን፣ ቤቱን ከላይ የሚያሳየውን ፕላን፣ ለግንበኛው ሰጠሁት። ሁለተኛው ኤሌቬሽን ነው፤ ቤቱን ከውጭ ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው የሚመስለውን ያሳያል። ስላማረኝ በመስታወት አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄው ቪላዬ» እያልኩ አስጎበኝ ነበር።

ሦስተኛው ሴክሽን ነበር። ቤቱ ከጣሪያ እስከ መሠረት በቢላዋ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ግድግዳው ተቆርጦ፣ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ይታያል። ክፉ ምልክት መሰለኝ። ገና ያልተሠራ ቤቴን የፈረሰ አድርጋ ሣለችው! ለማንም ሳላሳይ አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። የተማረ ሰው ነኝ እንዳልል እንግዲህ ይኸው።

ግንበኛው ጎበዝ ነው፤ አፉ ግን ምላጭ። አንድ ቀን ፕላኑን ዘርግቶ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያሉት እነዚህ የተቆራረጡ መስመሮች ምንድን ናቸው? መስኮቶቹማ በሙሉ መስመር ተሠርተዋል።»

መነጽሬን አወጣሁ። ወለወልኩ። አላወቅሁትም። አላውቅም የሚለው ቃል ግን ከአስተማሪ አፍ አይወጣም።

«የመብራት መስመር ነው» አልኩት።

«ግድግዳው ውስጥ?»

«አዎ፣ ዘመናዊ ነዋ!»

«እሺ። ከፍታውስ? እዚህ ላይ አልተጻፈም።»

«እንደ ሰፈሩ ቤት አድርገው።»

እሱም እንደ ሰፈሩ ቤት አደረገው። ባለ ሃያ ሳንቲም ብሎኬት አሥራ ሦስት ረድፍ ገጥሞ ሁለት ሜትር ከስልሳ ላይ አቆመ። ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን ለሚያስረው የአርማታ ቢም ሳንቃ መታ፤ ፌሮውንም አሰረ። አርማታው ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ባለቤቴ ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። መኝታ ቤቱ መሐል ቆማ ቀና አለች፤ ዙሪያውን ተመለከተች።

«የኔ መስኮቶች የታሉ?»

«እነዚህ አይደሉም እንዴ?»

«እነዚህማ ሌባ የሚገባባቸው ናቸው። ሙቀቱ የሚወጣባቸውን ነው የጠየቅኩህ። አንተ ሰውዬ፣ ከአንዱ ምድጃ ወደ ሌላ ምድጃ ነው የምታዛውረኝ?»

ያን ጊዜ ነው ያበድኩት። ቀን ሠራተኞቹ ሁሉ አካፋቸውን ተደግፈው እያዩ ግንበኛውን ያልሰደብኩት ስድብ የለም። ደንቆሮ አልኩት፤ ፕላን ማንበብ የማይችል አልኩት። እሱ የግንብ ማንኪያውን ከሲሚንቶ ጭቃው አውጥቶ በውሃ አጠበና ከረጢቱ ውስጥ ከተተው።

«መብራት ነው ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ በቀስታ። ሄደ።

ባለቤቴ መሐንዲሷ ጋ ደወለች። ልጅቷ መጥታ «ሦስቱንም ወረቀት አምጡልኝ» አለች። አንዱ ከሥራው ቦታ፣ አንዱ ከነመስታወቱ ከሳሎን፣ አንዱ ከሣጥን ወጥተው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተዘረጉ።

«ቲቸር፣ ፕላን ማለት ቤቱን ከወለሉ አንድ ሜትር ከምናምን ከፍ ብለን አግድም ቆርጠን ወደታች ስናይ ነው። ከቁርጡ በላይ ያለ መስኮት አይታይም፤ ስለዚህ በተቆራረጠ መስመር ነው የሚሣለው። ከፍታው ደግሞ እዚህ አለ።» ሴክሽኑን አስጠጋችልኝ። ከወለል እስከ ቢሙ ሦስት ሜትር ከሃያ ይላል። ትንንሾቹ መስኮቶች ሁለት ሜትር ከስልሳ ላይ ይጀምራሉ። ጣቷን ወደ መስታወቱ አዞረች። ኤሌቬሽኑም ላይ አሉ። ከትልልቆቹ በላይ፣ ሁለት ሁለት ሆነው ተደርድረዋል። ስንት ወር ለእንግዳ ያሳየኋቸው፣ ጌጥ ናቸው ብዬ ያደነቅኋቸው መስኮቶች!

«ግንበኛው ለምን ሴክሽኑን አላየም?» አለችኝ።

እንደ ተያዘ ኮራጅ ተማሪ አቀርቅሬ መነጽሬን መወልወል ጀመርኩ።

«ሣጥን ውስጥ ስለነበረ» አለች ባለቤቴ።

«ደግነቱ አርማታው አልተሞላም» አለች መሐንዲሷ። «ቢሙን አንስቶ ሦስት ረድፍ ብሎኬት መጨመር ነው። ግን ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያው መመታት አለበት። ግንበኛው የት ነው?»

የት እንዳለ አውቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ቤት አገኘሁት። ይቅርታ አልኩት። ሻዩን እያማሰለ ሰማኝ።

«ጋሼ፣ ለብቻዬ ነው እንዴ የሰደቡኝ?»

«አይ፣ ሰው ፊት ነው።»

«ታዲያ!»

እዚያው ላይ እንደገና ተናደድኩ። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሽበት ቀን ሠራተኛ ፊት ልቁም? ብድግ ብዬ ልወጣ ነበር። ግን ማንጎው ሥር የተቀመጠችው ሴትዮ ትዝ አለችኝ፤ ትንፋሿን እየቆጠረች። ተቀመጥኩና «እሺ፣ ሥራው ቦታ ና» አልኩት።

መጣ። ሠራተኞቹን ሰበሰበና ሴክሽኑን እጄ ላይ አኖረው።

«ያንብቡልን።»

«ስሕተቱ የኔ ነው። ይሄን ወረቀት የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ መብራት ነው ያልኩትም እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ሰሌዳ ፊት ካቆምኳቸው ተማሪዎቼ ድምፅ አንሶ ወጣ። ከዚያ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩ፦ ወለል፣ የበሩ ጫፍ ሁለት ሜትር ከአሥር፣ የላይኛው መስኮት...

«ሁለት ሜትር ከአርባ።»

«ከስልሳ ነው፣ ጋሼ» አለ ግንበኛው። «መነጽርዎን ያድርጉ።»

አንዲት ጭቃ አቀባይ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች። ሌሎቹ አላፈኑም። መነጽሬን አድርጌ ደገምኩት፤ እስክጨርስ አላስቀመጠኝም። ሲያልቅ ወረቀቱን ተቀብሎ በምስማር ምሰሶው ላይ መታው፤ ሁሉም በሚያየው ከፍታ።

ሳንቃውን በዚያው ቀን አፈረሱ። በሚቀጥለው ቀን ባለቤቴ ወንበሯን ይዛ መጣች፤ እስከ ማታ አልተነሣችም። አሥራ አራተኛው ረድፍ ሲገጠም በሁለቱም በኩል ለመስኮቶቹ የተተዉትን ክፍተቶች በጣቷ እየጠቆመች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብላ ቆጠረች። አራቱም መኖራቸውን እስክታረጋግጥ እኔን ዞር ብላ አላየችኝም።