አንዲት ያልታረመች ዓረፍተ ነገር

ሃያ ሁለት ዓመት የመማሪያ መጻሕፍት ስታርም የኖረች ሴት ጡረታ ወጣሁ ብላ አርፋ አትቀመጥም፤ የሳሙና መጠቅለያም ቢሆን ታርማለች። ታናሽ እህቷ ደግሞ አዳዲስ ዕቃ ካሜራ ፊት ከካርቶኑ እያወጣች ለተመልካች የምታሳይ ናት። ተመልካቹ እየሸሸ ሲያስቸግራት የምታነበውን ጽሑፍ ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ እስቲ እይልኝ። ሰው አላምን አለኝ።»

ጽሑፉ ስለ ኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ነበር። «እጅግ ፈጣን፣ ጥራቱ ልዩ፣ ለአያያዝ ምቹ» ይላል።

«ይሄ ለምንም ዕቃ ይሆናል» አለች ታላቅየዋ። «ሰውየው ቤቱ ሆኖ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ንገሪው።»

በማግስቱ ታላቅየዋ፣ እህቷ የተወችላትን ያልተከፈተ ካርቶን ከፍታ በማፍያው ሦስት ጊዜ ውሃ አፈላች። «እጅግ ፈጣን» ተሰረዘና «አንድ ሊትር የቧንቧ ውሃ፣ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ፤ ከኋላዬ ያለውን ሰዓት ተመልከቱ» ተባለ። «ምቹ» በሚለው ፋንታ ባዶውን በሚዛን ላይ ስምንት መቶ ሰባ ግራም መሆኑ ገባ። ገመዱ ሰባ ሴንቲሜትር ብቻ እንደሆነና እስከ ላይኛው መስመር ሲሞላ ከአፉ እንደሚረጭም ጻፈች። ደስ አላት፤ እንዲህ ያለ ደስታ ካገኘች ቆይታለች።

አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀረች፦ «እኔም እንደ እናንተ ዛሬ ገና ማየቴ ነው።» እርሳሷን አነሳችባት።

«እሷንስ ተይልኝ» አለች ታናሿ። «ያለሷ ምኑን ከፈትኩት?»

ታላቅየዋ ተወችላት። ማፍያውን ወደ ካርቶኑ መልሳ፣ ማሸጊያው ላይ በገዛ እጇ አዲስ ፕላስተር ለጠፈች።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ የቧንቧ ውሃም እንደዚያው ነው። ባደረ ማፍያ ውስጥ ሲደርቅ ነጭ ክብ ይተዋል። ታናሿ ካሜራው ፊት ካርቶኑን ቀደደች፣ ዛሬ ገና ማየቷ እንደሆነ ተናገረች፣ ክዳኑን ከፍታም ውስጡን በደንብ እንዲያዩ ጋበዘች። ሰዎቹም አዩ። የመጀመሪያው አስተያየት «አዲስ ማፍያ ከመቼ ወዲህ ነው ውሃ የለመደው?» የሚል ነበር። ከሱ በኋላ ሰዓቱን፣ ሚዛኑንና ገመዱን የመረመረ ሁሉ ትክክል ሆኖ አግኝቶታል፤ ግን አንድም ሰው አላመነም።

ታናሿ ሳምንት ሙሉ ስልክ አላነሳችም። በመጨረሻ ስለ ጸጉር ማድረቂያ የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጣችና ሳትቀመጥ ዘረጋችላት።

«ሰዓትም ሚዛንም አልፈልግም፣ እትዬ። ማየት ያስተማርሻቸው አንቺ ነሽ። ፊደሉን ብቻ እይልኝ።»

ታላቅየዋ መልስ አላጣችም፤ ግን ፕላስተሩን የለጠፈው የሷ እጅ ነው፣ ምን አፍ አላት? «እጅግ ፈጣን፣ ጥራቱ ልዩ» የሚለውን እየመረራት አለፈችው። ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ፣ ዛሬ ገና ማየቴ ነው ይላል። የጎደለውን አራት ነጥብ ጨምራ ወረቀቱን መለሰችላት።