ለትንንሾቹ የተሠራው መታጠቢያ ቤት

ውድነሽ ሀርጌሳ ከገባች ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ስምንቱን ዓመት በየሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ነው የጨረሰችው። ልጇ ሄቨን ከተወለደች በኋላማ ሥራው መከራ ሆነባት። ወይ አዝላት ትሄዳለች፤ ወይ ዳሚ ሰፈር ካለችው አንዲት ክፍሏ ውስጥ ቆልፋባት ትወጣለች። አዎ፣ ቆልፋባት! ምን ታድርግ? ለጎረቤት አደራ ብላ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ሕፃኗ በሩ ሥር ተኝታ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቆ ታገኛታለች።

እንዲህ ሆና ነው ከዳሀቦ ጋር የተገናኘችው። ዳሀቦ ውጭ አገር ኖራ የተመለሰች ሶማሌ ናት። መሐመድ ሞጌ በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢዋ ለአሥራ አራት ሕፃናት መዋያ ከፍታ ነበር። ውድነሽን ለልጆቹ ንጽሕና ቀጠረቻትና፣ «ልጅሽንም ይዘሽ ነይ፤ ከሌሎቹ ጋር ትዋል» አለቻት። ውድነሽ ያን ቀን መንገድ ለመንገድ እያለቀሰች ገባች። ሄቨን አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መዝፈን ጀመረች፤ በሶማልኛ እስከ ሃያ መቁጠር ጀመረች። ይህ ሥራ ከቀረ ግን የተቆለፈው በር እንደገና ይጠብቃታል። እናቲቱ በቀን አሥር ጊዜ የምታስበው ይህንኑ ነው።

ዳሀቦ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ቀልድ አታውቅም። የቧንቧ ሠራተኛ ፈልጊልኝ ስትላት ውድነሽ ያገሯን ሰው አየነውን አመጣችላት። አየነው ነገር ያበዛል እንጂ እጁ ወርቅ ነው። ለእጅ መታጠቢያውና ለሽንት ቤቱ ባለ ሁለት ደረጃ መርገጫ ከእንጨት ሠራ፤ እንዳይነቃነቅ እግሩን ሰፋ አደረገው፣ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የመኪና ጎማ ቆርጦ መታበት፣ ላዩንም በሻካራ ላስቲክ አለበሰው። በረኪናውና ሳሙናው የሚቀመጥበትን ቁም ሳጥን ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰረና ቁልፍ ገጠመለት። ውድነሽ ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው፤ በሻሿ ስለምትሸፍነው አይታይም።

ውሃው ላይ ሲደርስ አየነው ወገቡን ይዞ ማስተማር ጀመረ።

«ቦይለሩ ስድሳ ዲግሪ ላይ ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ውሃው ውስጥ ተህዋስ ይራባል። ግን ስድሳ ዲግሪ ሕፃን ይልጣል። ስለዚህ ይቺ ማደባለቂያ ሙቁን ከቀዝቃዛው ቀላቅላ ሠላሳ ስምንት አድርጋ ትለቅልሻለች። ቀዝቃዛው ከተቋረጠባት ሙቁንም ትዘጋለች። የወጥ ቤቱ ሙቅ ቧንቧ ግን በሷ በኩል አያልፍም፤ እሱን ለልጅ እንዳትነኪው፣ ሰማሽ?»

«ሰማሁ ወንድሜ፣ ሰማሁ። ደንቆሮ መሰልኩህ እንዴ?»

ዳሀቦ ደግሞ የውሃ ቴርሞሜትር ሰጠቻት። «ልጅ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ በዚህ እዪ» አለቻት። ውድነሽ እሺ አለች። ሁለት ቀን አየችበት። በሦስተኛው ቀን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከበረኪናው ጎን አስቀምጣ ቆለፈችበት። ዕድሜ ልኳን ውሃ ሲያገላብጥ የኖረ እጅ እያላት በመስታወት ዘንግ ውሃ መለካት የሀብታም ቅብጠት መሰላታ!

ሦስት ሳምንት በሰላም አለፈ። አንድ ማለዳ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት በታኅሣሥ፣ የሦስት ዓመቷ ሳዶ ልብሷ ላይ አመለጣት። ውድነሽ አቅፋ ወደ መታጠቢያ ቤት ወሰደቻትና ቧንቧውን ብትከፍተው ጠብ ጠብ አለ እንጂ አልወርድ አለ። ለካ ከአንድ ቀን በፊት የውሃ ቦቴ ያመጣው ውሃ አሸዋ ነበረበትና ማደባለቂያዋ በቀዝቃዛው በኩል ተደፍናለች። አየነው እንዳለውም ሙቁን ዘግታለች። ሥራዋን ሠርታለች፣ ምን ይወጣላት!

ልጅቱ በብርድ ትንቀጠቀጣለች። ውድነሽ መርገጫው ላይ አቆመቻትና ሮጣ ከወጥ ቤቱ ሙቅ ቧንቧ ባልዲ ቀድታ መጣች። ሳፋ ውስጥ ገለበጠችው፤ ከበርሜል ቀዝቃዛ ጨመረችበት፤ እጇን ነከር አደረገች። ለብ ያለ፣ ደስ የሚል ውሃ ነው። ሳዶን አንስታ አስቀመጠቻት።

ሳዶ ጮኸች። ሳዶ ደግሞ መታጠብ ስለማትወድ በየቀኑ ትጮኻለች። «አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ፣ አለቀ» እያለች ትከሻዋን ያዘቻት። ያዘቻት! ልትነሳ ስትፍጨረጨር መልሳ አስቀመጠቻት። ወይኔ ጉዴ፣ ይህን መንገርም ያማል። ጩኸቱ ሌላ ዓይነት መሆኑ ሲገባት ነጥቃ አወጣቻት። ከወገቧ በታች ቲማቲም መስላለች።

ዳሀቦ ደረሰች። ውድነሽ ተደናግጣ የጥርስ ሳሙና ልትቀባት ስትል እጇን መትታ አስጣለቻትና ሕፃኗን ግቢው ቧንቧ ሥር ወሰደቻት። ላይዋን በሹራብ ጠቅልላ፣ የተቃጠለውን ብቻ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ባጃጅ አስጠርታ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ሐኪም ቤት ላከቻት፤ እናቷ ናስራም በስልክ ተነግሯት እዚያው ሄደች።

ከዚያ ዳሀቦ ተመልሳ ገባች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ቴርሞሜትሩስ?» አለች።

«እትዬ ዳሀቦ፣ በእጄ አይቼዋለሁ። ለብ ያለ ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም!»

ዳሀቦ ቁልፉን ተቀብላ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ቴርሞሜትሩን ሳፋው ውስጥ ከተተችው። ያን ያህል ቆይቶም እንኳ አርባ ስምንት አለ። በክርኗ ነካችውና እጇን ሸሸት አደረገች። «አሁን አንቺ እጅሽን ክተቺበት» አለቻት።

ውድነሽ ሁለት እጇን ከተተች። ጠበቀች። ዳሀቦ ፊቷን ታያለች።

«ምን ይመስልሻል?»

ያቃጥላል ብላ ልትዋሽ ፈለገች። «ለብ ያለ ነው» አለች በመጨረሻ።

ዳሀቦ መዳፏን ገልብጣ፣ የስምንት ዓመት ልብስ አጠባ ያደነዘዘውን ቆዳ ዳሰሰች። «ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ» አለቻት። «ግን ከእንግዲህ ልጅ እንድትነኪ አልፈቅድም። ወላጆቹም አንቺ ካለሽ ልጅ አያመጡልኝም።» ውድነሽ እግሯ ላይ ወደቀች። ለራሷ አልለመነችም፤ «ሄቨንን ብቻ ያዥልኝ» አለች። ዳሀቦ ዓይኗን እየጠረገች ራሷን ነቀነቀች። አይሆንም ማለቷ ነው።

ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ዳሚ ገቡ። ሄቨን አሸዋ ላይ ስትጫወት ስለዋለች መታጠብ ነበረባት። ውድነሽ ከሰል አቀጣጥላ ውሃ አሞቀች፤ በቀዝቃዛ በረዘችው፤ እጇን ሰደደች። ልኩ ይመስላታል። መሰላት እንጂ አታውቅም። የዚያች ሕፃን ጩኸት ጆሮዋን አልለቀቀውም። ሌላ ቀዝቃዛ፣ አሁንም ሌላ ጨመረችና፣ «ነይ እስኪ አንቺ ንኪው» አለች።

ሄቨን ልብሷን ራሷ አወለቀች። ትከሻዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳፋው አጠገብ ቆመች።

«እማ፣ ዛሬ አላለቅስም። አትመቺኝ፣ እሺ?»

ውድነሽ ከሳፋው መለስ አደረገቻት። «ሁልጊዜ ያቃጥልሽ ነበር እንዴ?»

«አዎ» አለች ልጅቱ፤ «አንቺ ግን አያቃጥልም፣ ቅብጠትሽ ነው ትያለሽ።»