ሰባተኛው ቤት ላይ

ልጆቼ «ስማችንን እንዳትጽፊ» ብለውኛል። ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የስም ጉዳይ የሆነውን ይህን ነገር ያለ ስም እጽፋለሁ። ዝምድናችንን ብቻ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰዎች አይደለንም።

ባሌ በሞተ በዓመቱ ሴት ልጄ ማግባት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ልጁ ቃዲማ ዞራን የምትባል ከተማ ልጅ ነው። የተዋወቁት ሳፒር በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር፣ ሁለቱም በሚሠሩበት መጋዘን ነው።

«የማን ልጅ ነው?» አልኳት።

የቤተሰብ ስሙን ነገረችኝ።

«ይሄማ ምንም አይነግረኝም። የማን ልጅ ነው?»

«ነገርኩሽ እኮ፣ ኢማ።»

አልነገረችኝም። እሷ እዚህ እስራኤል ተወልዳ፣ እናቷን ኢማ እያለች ስላደገች የቤተሰብ ስም ማለት ቤተሰብ ይመስላታል። እኛ አገር ሰው በራሱና በአባቱ ስም ነበር የሚጠራው። ልጁ የእሱን ስም ይይዛል፣ የልጅ ልጁ ደግሞ የልጁን። ስም በየትውልዱ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ ወደ ላይ መውጣት የሚፈልግ ሰው በቃሉ መቁጠር አለበት።

ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን የመጣን ጊዜ መዝጋቢዋ ጠረጴዛ ፊት ተሰለፍን። የቤተሰብ ስም ጠየቀችን። እኛ የቤተሰብ ስም አልነበረንም፤ ቤተሰብ ግን ነበረን። ከፊታችን የነበረው ሰውዬ ቤተሰብ ሲባል ትልቁን የጠየቁት መስሎት የአያቱን ስም ሰጠ። ከኋላው የቆመው የእናቱ ልጅ ደግሞ የአባታቸውን ስም ሰጠ። ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ቤተሰብ ሆነው ተነሡ። ባሌ አባቴ የሚለውን ሰው ስም ሰጠ። እኔም በዚያው ተጻፍኩ፤ ከአማቴ ጋር ደም የሌለኝ ሴት የአማቴን ስም ይዤ እስከ ዛሬ አለሁ።

ስለዚህ የቤተሰብ ስም የሚነግረን መዝጋቢዋ የት ላይ እንዳቆመች ብቻ ነው። ስማቸው አንድ ሆኖ የማይዛመዱ አሉ። ስማቸው የማይገናኝ የአጎትና የአጎት ልጆች አሉ። በእኛ ዘንድ ደግሞ እስከ ሰባት ቤት የሚገናኙ ሰዎች አይጋቡም። አባት አንድ፣ አያት ሁለት እየተባለ በሁለቱም ወገን ይቆጠራል፤ የጋራ የሆነው ሰው በሁለቱም በኩል ከሰባት ማለፍ አለበት።

ልጄ ይህን ታውቃለች፤ ግን ሌላ ሐሳብም ነበራት።

«ራባኑት፣ ረቢዎቹ የጋብቻ ቢሮ ሄደን ጠይቀናል፣ ኢማ። የአጎት ልጅ እንኳ ይፈቀዳል አሉን።»

«ይሄን አክስትሽ ፊት እንዳትናገሪ» አልኳት።

አክስትሽ ያልኳት የባሌን ታላቅ እህት ነው። ሌላ ከተማ ትኖራለች። የልጁን ወገኖች አትወዳቸውም፤ ጎንደር ሳሉ ለእናቷ ለቅሶ ዘግይተው ነው የመጡት። «ሬሳው ከወጣ በኋላ!» ትላለች፣ ትናንት የሆነ ይመስል። የልጄን ነገር ስትሰማ በስልክ አንድ ነገር ብቻ አለችኝ፤ «ይቆጠር። ብቻ እኔ ሳልኖር እንዳይቆጠር።»

ልጁ ጨዋ ነው። የዘር ሐረጉን በኮምፒዩተር ሠርቶ ሊያሳየኝ፣ የእኛንም ሊጨምር መጣ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሟች የቤተሰብ ስም ይጠይቃል።

«የባለቤትዎ የአራተኛው አያት የቤተሰብ ስም ማን ነው?» አለኝ።

«የአባቱ ስም ነዋ።»

«የልጁስ?»

«የእሱ የራሱ ስም።»

«እንዲህ ከሆነ አንዱም ከአንዱ ጋር አንድ ዓይነት ስም አይኖረውም።»

«አይኖረውም።»

«ፕሮግራሙ ስህተት ነው ይላል።»

«እኛን ስህተት ናችሁ ያለን እሱ የመጀመሪያው አይደለም» አልኩትና ሻይ ቀዳሁለት።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። የልጁ አያት በየደረጃው መታጠፊያ እያረፉ ወጡ፤ ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል። ልጄ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ገርበብ አደረገችው። የባሌ እህት በባቡር ላይ ነበረች፤ ዘግይታለች። ሽማግሌዎቹ መጠበቅ አልፈለጉም። እኔም ስለ መዘግየት ምንም አላልኩም።

የልጁ አያት ዓይናቸውን ጨፍነው ከልጅ ልጃቸው ጀምረው ወደ ላይ ወጡ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ገለጡና «የእናንተስ?» አሉ።

የእኛን መቁጠር የነበረበት ባሌ ነው። ወንበሩ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ዓርብ ማታ ልጆቹን አሰልፎ ሰባቱን ቤት ያስቆጥራቸው ነበር፤ ያልተሳሳተ ከረሜላ ያገኛል። እኔ ከረሜላ ባላገኝም ሰምቼ ይዤዋለሁ። ሴት እንዲህ ባለ ሸንጎ ስትቆጥር አይቼ ባላውቅም ሌላ የሚቆጥር አልነበረም። ባሌ አንድ፣ አባቱ ሁለት ብዬ ጀመርኩ። ከአምስተኛው በላይ ስሄድ የልጁ አያት ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀስ ጀመር። ሰባተኛውን ስጠራ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ልጄ። እዚህ ላይ ተገናኘን።»

ሰባተኛው ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። እኛ ከታላቁ ነን፣ እነሱ ከታናሹ። በእነሱ በኩል ስምንተኛ ቤት ነው፤ በእኛ በኩል ግን ሰባተኛ።

አንዱ ሽማግሌ «በአንድ ወገን አልፏል እኮ» አሉ ቀስ ብለው።

«ወንዝ በአንድ እግርህ ተሻግረህ ታውቃለህ?» አሏቸው የልጁ አያት።

ወጥ ቤት ውስጥ የሚፈስ ውኃ ይሰማ ነበር፤ ልጄ ምንም የምታጥበው ዕቃ አልነበራትም።

በዚህ መሐል የባሌ እህት ደረሰች። ደረጃው ትንፋሿን ጨርሶት ነበር። ሰላምታ ሳትሰጥ «ምን ሆነ?» አለች።

«አልሆነም፣ እታለም» አልኳት። «ሰባት ላይ ተገናኙ።»

ፊቷ በራ። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። «እኔ ምን ብዬ ነበር! እስቲ ድገሚው፣ እኔም ልስማው።»

ደገምኩት። ባሌን አንድ አልኩ። አባቱን ሁለት ብዬ ወደ ሦስተኛው ስሄድ እጇን ጭኗ ላይ መታች።

«ወንድሜስ?»

«የትኛው ወንድም?»

«ወንድሜ ነዋ! ወንድሜን የት ጣልሽው?»

«ወንድምሽንማ ቆጠርኩት፣ አንድ ብዬ። ባሌን።»

«ባልሽ ወንድሜ አይደለም» አለች። «ባልሽ የወንድሜ ልጅ ነው።»

የልጁ አያት ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። እሷ ግን የምትናገረው ለእኔ ነበር፤ በጣም ተቆጥታለች። ወንድሟ ሚስቱ እርጉዝ ሳለች በንዳድ ሞተ። ሚስቱ ወልዳ ልጁን ጡት ካስጣለች በኋላ ወገኖቿ ወስደው ሌላ ዳሯት። ልጁን አያቱ አሳደጉት። የሙት ልጅ እንዳይባል «አባትህ እኔ ነኝ» አሉት፤ በእሳቸው ስም ተጠራ፣ አክስቱንም እህቴ እያለ አደገ። እዚህ ሲመጣ ለመዝጋቢዋ የሰጠው ስም የአያቱን ነው።

«እና የእኛ ጋብቻ ጊዜስ?» አልኩ። «ያኔም ተቆጥሯል እኮ።»

«አባቴ ውጭ፣ ከበረቱ አጠገብ፣ ላባትሽ ለብቻው በትክክል ቆጠሩለት። እንዳይናገርም አስማሉት።»

አባቴም ያውቅ ኖሯል። በዚያ ቤት ውስጥ ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ወንድሜ ሰው አልነበረም?» አለች፣ አሁን ለሁሉም። «ልጅ ወልዷል። እንዴት በላዩ ተራምዳችሁ ታልፋላችሁ?»

የልጁ አያት በጣታቸው እንደገና ቆጠሩ። ባሌ አንድ። የማላውቀው ሰው ሁለት። አባቱ ሲባል የኖረው አያቱ ሦስት። እንዲህ እያሉ ወጡና ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙበት ሰው ጋ ሲደርሱ ስምንት ሆነ፤ በእኛም በኩል ሰባትን አለፈ።

ክፍሉ ውስጥ ይህን በመጨረሻ የተረዳችው የባሌ እህት ናት። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አንዱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ምስክር ያስፈልጋል። ለማጋባት ተብሎ ሰው ሊፈጠር ይችላል» አሉ።

«ይህቺ ሴትዮ?» አሉ የልጁ አያት። «ይህቺ ሴትዮ ከቤቷ የተነሣችው ሰርጉን ልታፈርስ ነው። ለእኛ ብላ ውሸት አትናገርም። እኛ እሳት ላይ ብንወድቅ እንኳ ውኃ አታቀብለንም።»

«አላቀብልም» አለች።

«ሰማችሁ» አሉ የልጁ አያት። «ሆኗል።»

ወጥ ቤት ውኃው ቆመ።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲሄዱ የባሌ እህት ባቡሯ እስኪደርስ ቀረች። ዳቦ ሰጠኋት፤ አልበላችም።

«አሁንም አልወደውም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ለቅሶ የሚዘገይ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ፣ እታለም።» እህቱ ባትሆንም የምጠራት በዚሁ ነው፤ በእርጅናዋ ሌላ ስም አላወጣላትም። «ባሌ ያውቅ ነበር?»

«ሰው የገዛ አባቱን አያውቅም? ጎረምሳ ሲሆን ነገርነው። አባቴ በሕይወት እያሉ ሌላ አባት ነበረኝ ማለት እሳቸውን መግደል መሰለው። ሲሞቱ ደግሞ አንዴ ለምዶታል።»

«ወንድምሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ረጅም ነበር» አለች። «ሲበላ አያወራም። አንድ ነገር ብትጠይቂው ጎርሶ፣ አኝኮ፣ ውጦ ነው የሚመልስልሽ። እናቴ በዚህ ትናደድበት ነበር።»

እኔም በባሌ ስናደድ ነው የኖርኩት። ከእኔ ጋር ማውራት የማይፈልግ ይመስለኝ ነበር።

እሷ ከሄደች በኋላ ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ትስቃለችም።

«ስለዚህ አያቴ፣ ሳባ ያልነው ሰው…»

«ቅድመ አያትሽ ነው።»

«እና ሳባ ማነው?»

አክስቷ የነገረችኝን ስም ነገርኳት። ስሙን ሁለት ጊዜ አለችው፣ እንደ አዲስ ጫማ እየሞከረችው። ከዚያ ስልኳን አንሥታ ለልጁ ደወለች። ፕሮግራሙ ላይ አንድ ሰው እንዲጨምር፣ ከእሱ በታች ያለነውን ሁላችንን አንድ አንድ ደረጃ እንዲያወርደን ነገረችው። እሱ ምን እንዳላት አልሰማሁም። «የቤተሰብ ስም የለውም» ስትለው ግን ሰማኋት። «ባዶ ተወው። በቃ፣ ባዶ ይሁን።»

ባሌን ለምን እንዳልነገረኝ ብጠይቀው ጎርሶ፣ አኝኮ፣ ውጦ ይመልስልኝ ነበር። አሁን የምጠይቀው የለኝም። ልቆጣውም አሰብኩ፤ ግን የሰርግ ዝግጅት አለብን። ሰርጉ እስኪያልፍ ትቼዋለሁ።