ማጭዱ ላይ የተጻፈው

ዛሬ ቡራዩ፣ ኦቦ ቶሎሳ ጌም ቤት፣ አንድ ማጭድ ሊያሳስረኝ ነበር። ማጭዱ ያለው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው።

ጌሙ ታሪኩን በፊልም አያሳይም። ዕቃ ታነሳለህ፣ ቦርሳህን ከፍተህ ማብራሪያውን ታነባለህ። መጀመሪያ የዕቃው ጥቅም፣ ከሥሩ የባለቤቱ ታሪክ በቁንጽል። መገጣጠሙ ያንተ ሥራ ነው። እንግሊዝኛውን ለቤቱ ሁሉ ጮክ ብዬ የምተረጉመው እኔ ነኝ።

«የገበሬ ማጭድ። ቶሎ ይቆርጣል። የንጉሡ ቅጥር ሲሰፋ ባለቤቱ እርሻውን አጣ» አልኩ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የገበሬ መሬት ሊወስድ ነው ተብሎ ሰው በሚታሰርበት በዚህ ሰሞን!

በሩ ላይ የማናውቀው ሰው ቆሟል። ጃኬቱ ለፀሐዩ በዝቷል።

«ማነው የጻፈው?»

«ጌሙ ነው።»

«ታሪክ ከሆነ ለምን በግልጽ አያወራም? ለምን ዕቃ ሥር ይደብቃል?»

ጥያቄው ጥሩ ነበር፤ ጠያቂው ነው ያላማረኝ። ኦቦ ቶሎሳ ቤታቸው ሲታሸግ ከወዲሁ ታይቷቸዋል።

«ቀለበቱንም አንብብ» አለኝ ሰውዬው፣ ከማጭዱ ጎን ቦርሳው ውስጥ ያለውን እያሳየኝ።

ከፈትኩት። ከሥሩ፣ ማጭድ የያዘ ገበሬ ለገደለ ወታደር የሚሰጥ ሽልማት ነው ይላል። ቅጥሩ እንዴት እንደሰፋ አሁን ገባኝ።

«ጉልበት ይጨምራል» ብዬ ተረጎምኩ።

ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየ። «የታችኛውን መስመር ዘለልከው» ብሎኝ ወጣ።

ሰላይ ይሁን ተጫዋች አላወቅንም። ኦቦ ቶሎሳ ግን «ከነገ ጀምሮ ኳስ ብቻ!» ብለዋል።

እናንተስ፣ ሰሞኑን ምን ስታነቡ ተጠረጠራችሁ? የታችኛውን መስመር እየዘለላችሁ ጻፉልኝ።