ከእናታችን ጓሮ የተደገሰ ሠርግ

እናታችን ዶዮገና ከሚገኘው ቤታችን ጀርባ የተከለችው እንሰት በአንድ ቁመት የቆመ አልነበረም። የአካባቢው ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ እኔ ግን ይኸው ስንት ዓመት ድሬዳዋ ስኖር የማያውቀው ሰው እንደሚበዛ አይቻለሁና ልናገር። ከአምቾው፣ ከወፍራሙ ሥሩ፣ የሚበቅለው ችግኝ ጊዜው ሲደርስ ተለይቶ ወደ ሌላ መደብ ይዛወራል። ጠንከር ሲል እንደገና ተነቅሎ ሰፋ ወዳለ ቦታ ይሄዳል። ተቆርጦ ለቆጮ ለመፋቅ እስኪደርስ ስድስት፣ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ደህና ጓሮ ውስጥ ዘንድሮ የሚፋቀው፣ የከርሞው፣ ከከርሞ ወዲያ ያለው ሁሉም በየተራው ቆሞ ይታያል። ከመሀል አንዱ ተራ ከጎደለ ረሃቡ የሚመጣው ዛሬ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ነው። እናታችን ትልቁን ስትቆርጥ በዚያው ክረምት ትንሹን ወደ ቦታው ታመጣ ነበር። ባዶ ቦታ ስታይ እንቅልፍ አይወስዳትም።

እሷ ቀድማ ሞተች። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው አባታችን በዓመቱ መንገድ ላይ ቀረ። ሦስት ሴቶች ልጆች ቀረን፤ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ታናናሾቼ ስምንትና አምስት። የእናታችን እህት፣ ሆሳዕና ገበያ ቅቤ የምትነግደው አክስቴ፣ ሦስታችንንም ወሰደችን። ለንብረቱ ግን ዘመድ ተሰብስቦ የአባታችንን ታላቅ ወንድም መረጠ። አጎቴ መስጊድ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባ፣ ሰው ሲጣላ የሚጠራ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። እኔም በመመረጡ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን አልደብቅም።

የወረዳው ፍርድ ቤት አክስቴን አሳዳሪ፣ አጎቴን የንብረት ሞግዚት አድርጎ ሾመ። አክስቴ ልጆቹን ታሳድጋለች፣ እሱ ንብረቱን ጠብቆ ከሚገኘው ፍሬ ለማሳደጊያችን ይሰጣል። ዳኛው ግዴታውን አንድ በአንድ ነገሩት። ንብረቱን በምስክር ፊት ይመዘግባል። የማይንቀሳቀሰውን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ አይሸጥም፣ ለረጅም ጊዜም አያከራይም፤ ራሱም አይወስደውም። ሲጠየቅ ያሳያል፣ ጊዜው ሲያበቃም ያስረክባል። ከዚያ ወደ እኔ እያዩ፣ ይህች ልጅ አሥራ አራት ሞልቷታልና በትልልቁ ጉዳይ ያማክሯት አሉት። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያለው ግን የመጨረሻው ቃላቸው ነው።

«ንብረቱ የእርስዎ አይደለም። ጠባቂው ነዎት።»

አጎቴ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «የየቲም፣ የሙት ልጅ ሐቅ እሳት ነው፣ ክቡር ዳኛ፤ እኔ ይጠፋኛል?» አለ። ችሎቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ምዝገባውን ሦስት ሽማግሌዎችና የቀበሌው ጸሐፊ ሠሩት፤ አራቱም ወንዶች ናቸው። በሬዎቹን በቀለማቸው ጻፉ። የቤቱን ቆርቆሮ ቆጠሩ። የአባቴን ሳጥን ቁልፍ ሳይቀር መዘገቡ። ወደ ጓሮው ሲደርሱ ግን «ጓሮ ከነእንሰቱ» ብለው አለፉ። ዕድሜው የለ፣ ተራው የለ፣ ብዛቱ የለ። እንሰቱን መንከባከብ፣ መፋቅና መጋገር የሴት ነው፤ እነሱ የሚያውቁት ገበታ ላይ ሲቀርብ ነው። አክስቴ ከበሩ ላይ ሆና አንድ ነገር ልትል ስትጀምር አንደኛው ሽማግሌ፣ አንቺ ልጆቹን ያዢ፣ ጽሑፉን ለኛ ተይልን አሏት። ሳቁ። እሷም ወደ እኛ ተመለሰች። በዚህ ዝምታዋ ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን ስትወቅስ ኖራለች።

በመጀመሪያው ዓመት ቆጮው በኮባ ተጠቅልሎ በየጊዜው ይመጣልን ነበር። የአክስቴ ቤት የራሷን አራት ልጆች ጨምሮ የሚጠግበው በእሱ ነው። በሁለተኛው ዓመት ቀነሰ። ስንጠይቅ አጎቴ ጓሮው ውስጥ በሽታ ገብቶ እንሰቱ እየጠወለገ ነው፣ የታመመውን ነቅዬ ጥዬዋለሁ አለ። በሽታው በእርግጥ በአገሩ ነበርና አመንነው። አክስቴ እንዲያውም ለእሱ አዘነች።

በዚያው ዓመት ከዒድ በኋላ የአጎቴ ልጅ አገባ። ድግሱ ለወሬ የሚበቃ ነበር። ከሺንሺቾም ከሀደሮም እንግዳ መጣ። ቆጮው ነጭና ለስላሳ፣ ቡላው በቅቤ የራሰ ነበር፤ የመጣው ሁሉ «አላህ ይጨምርልህ» እያለ መረቀው። እኔና እህቶቼም በላን። አጎቴ በራሱ እጅ ለታናሻችን ጨምሮላት፣ «ብዪ የኔ ልጅ፣ የአጎትሽ ቤት ነው» አላት። እጁን ስመን ወጣን። የገዛ እናታችንን ድካም አብልቶን አመሰገንነው።

ነገሩ የወጣው አክስቴ ዶዮገና ለለቅሶ ስትሄድ ነው። ወደ ጓሮው ብቅ ብትል አንድ የማታውቀው ሰው በገመድ መሬቱን ይለካል። ባሕር ዛፍ ሊተክልበት ከአጎቴ ለአሥር ዓመት ተከራይቶታል። የቀረችውን እንሰትም ሊነቅላት ነው። ፍርድ ቤት አልተጠየቀም፣ እኔም አልተጠየቅሁም። አክስቴ በዚያ እንደቆመች፣ በድግሱ ሰሞን ተቀጥረው ሲፍቁ ከነበሩት ሴቶች የበላይዋ መጡ፤ የእናቴ ጎረቤት የነበሩ ትልቅ ሴት ናቸው። አቀርቅረው ነገሯት። ለሠርጉ የፋቅነው ከዚህ ጓሮ ነው፣ አጎትዬው ልጆቹ ተስማምተው ሰጡኝ ብሎን ነበር አሉ።

አክስቴ ሆሳዕና ስትመለስ አላለቀሰችም። ጧት ተነስታ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰውዬ ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ሦስት ነገር አስጻፈች፤ ሞግዚቱ ይሻርልን፣ የኪራይ ውሉ ይፍረስልን፣ ያጠፋውን ይካስልን። ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ከጓሮው እንዳይነቀል፣ መሬቱም ለማንም እንዳይተላለፍ ዕግድ ሰጠ።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሰው አልተለየውም። እኒያ «ጽሑፉን ለኛ ተይልን» ያሉት ሽማግሌ ሳይቀሩ መጡ። የቤተሰብ ገመና አደባባይ አይወጣም፣ እንታረቅ፣ እሱም ትልቅ ሰው ነው ይላሉ። ልጆቹ ትናንሽ ናቸው፣ የሚያውቁት ነገር የለም አሉ አንዱ። አክስቴ ቅቤዋን እየመዘነች መለሰችላቸው።

«እኔ የራሴ ቢሆን እታረቅ ነበር አባባ። የነሱን በምን አፌ ልታረቅበት?»

ችሎት ላይ አጎቴ አልተደናገጠም። በሽታ ገብቶ የታመመውን ነቀልኩ፣ ለልጆቹ ስል ደግሞ መልሼ ተከልኩበት፣ ዝርዝሩ «ጓሮ ከነእንሰቱ» ይላል፣ ይኸው ጓሮው ከነእንሰቱ አለ፣ ሄዳችሁ እዩ አለ። ዳኛው የግብርና ባለሙያ ከፍርድ ቤቱ ሠራተኛና ከሁለቱ ወገኖች ጋር ሄዶ አይቶ እንዲያስረዳ አዘዙ። አክስቴ እኒያን የፋቂዎቹን አለቃ ይዛ ሄደች። እኔም ከትምህርት ቀርቼ ተከተልኳቸው።

ጓሮው በእርግጥ ሞልቶ ነበር። አክስቴ ያኔ ባዶ ያየችው መሬት ላይ ከዳር እስከ ዳር ትናንሽ እንሰት ቆሟል። አጎቴ እጁን ዘርግቶ አሳየ። ባለሙያው ወጣት ሰው ነው፤ ቁጥሩን ጻፈና ሊሄድ ሲል ሴትዮዋ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ። በአንዱ ሥር ጎንበስ ብለው አፈሩን በጣታቸው ፈተፈቱት፣ ወደሌላው ሄዱ፣ ተመለሱ።

«የኔ ልጅ፣ ይህ ሁሉ እኩያ ነው» አሉት ባለሙያውን። «ይህ ጓሮ አይደለም፣ ችግኝ ጣቢያ ነው። ሰው እስኪበላበት ልጆቹ የልጅ ልጅ ያያሉ።»

ባለሙያው ፈገግ አለ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ አጎቴ ዞሩ።

«በሽታ የያዘውን ነው ነቀልኩ ያልከው?»

«አዎ፣ በሽታ ነው።»

«እሺ። በሽተኛ በተነቀለበት ጉድጓድ ወዲያው ጤነኛ የሚተክል ሰው የት አየህ? የሰው እንሰት ስለሆነ ነው?»

ባለሙያው ብዕሩን እንደገና አወጣ። በሽተኛ እንሰት የተነቀለበትን ቦታ ሳያሳርፉ መትከል ችግኙንም መግደል እንደሆነ እሱም ያውቃል፤ ለገበሬው የሚያስተምረው ራሱ ነው። በሽታ ነበረ ካልን ተከላው ልጆቹን መጉዳት ነው፤ በሽታ አልነበረም ካልን የተነቀለው እንሰት የት ሄደ? አጎቴ ዶዮገና ተወልዶ ያደገ ሰው ሆኖ ይህን ሳያስበው ቀረ። እንሰት ከሴቶች እጅ ወጥቶ የሚጠየቅበት ቀን ይመጣል ብሎ አልገመተም። ሴትዮዋም በችሎት ቀርበው ስንት ቀን እንደፋቁና ቆጮው እንዲብላላ በማን ጉድጓድ እንደተቀበረ መሰከሩ።

ፍርዱ ተሰጠ። አጎቴ ከሞግዚትነቱ ተሻረ፣ የባሕር ዛፉ ውል እኛን እንደማያስገድድ ተነገረ፣ ባለሙያው በገመተው ልክ እንዲክስ ታዘዘ። ንብረቱን አክስቴ ተረከበች። ካሣው በአፈጻጸም፣ በሽምግልና፣ በነገና በከነገወዲያ እያለ ከፊሉ ብቻ መጣ። አዲስ ምዝገባ ሲደረግ ግን አክስቴ ጸሐፊውን ተራ በተራ እየመራች የእያንዳንዷን እንሰት ዕድሜ አስጻፈችው። ሁለት ገጽ ሞላ። ጸሐፊው እጄ ዛለ ቢላት፣ የእናታቸው እጅ ምን ይበል አለችው።

ይሁን እንጂ ፍርድ ቤት እንሰት ማሳደግ አይችልም። የጎደሉት ዓመታት እንደ ጎደሉ ደረሱብን። ከሦስታችን አንዷ ከገበታው መነሳት ነበረባት፤ ታላቋ እኔ ነበርኩ። ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ድሬዳዋ ዘመድ ሱቅ ገባሁ፣ ለእህቶቼ ላክሁ፣ እዚሁ አግብቼ ቀረሁ። ጓሮው እንደገና በተራ ሲቆም ታናሻችን ትምህርቷን ጨርሳ ነበር። አልሐምዱሊላህ። ይህን የምለው ግን ለአጎቴ ምስጋና እንዲሆን አይደለም።

አጎቴ የሞተ ቀን ስልክ ተደወለልኝ። ጀናዛው ሳይወጣ በሟቹ ላይ ሐቅ ያለው ሰው አውፍ፣ ይቅር እንዲል እየተጠየቀ ነው። የደወለው ያ በድግስ ያገባው ልጁ ነው፤ እያለቀሰ ነበር። እሱ ምንም አላደረገኝም፤ አዘንኩለት።

«ለሦስታችሁም አንቺ አውፍ በይው፣ ታላቃቸው ነሽ» አለኝ።

ውዱእ አድርጌ ልደውልልህ አልኩት። ከሰገድኩ በኋላ ደወልኩ። የራሴን ለአላህ ብዬ ትቼለታለሁ አልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ከብዶኝ ነበር፣ ግን ወጣ።

«የእህቶቼ ግን የእኔ አይደለም» አልኩት። «ቁጥራቸውን ልስጥህ፣ ራሳቸውን ጠይቃቸው።»