ያልተነካው የማጓጓዣ በጀት

መካነ ሰላም ውስጥ የገበሬዎች ዩኒየን ሂሳብ ሠራተኛ ሳለሁ፣ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ለቦርዱ አነበብኩ። «ለማዳበሪያ ማጓጓዣ ከተያዘው በጀት ግማሹ እንኳ አልወጣም» ስል፣ ጭብጨባው ጣሪያውን ነቅሎ ጎረቤት ከተማ አጅባር ሊያደርሰው ምንም አልቀረው።

«ማሻ አላህ! ቆጥበህልናል!» አሉ ሰብሳቢያችን ሐጂ።

«ሐጂ፣ ምርቃቱን ያቆዩልኝ፤ አልጨረስኩም» ብዬ ቀጠልኩ። «ልዩነቱ ቁጠባ አይደለም። መንገዱ በመቆረጡ ማዳበሪያው ደሴ መጋዘን ቀርቷል። ወጪው ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይተላለፋል።»

የቦርዱ አባላት ሁሉም ገበሬዎች ናቸው፤ ባንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«ወጪውስ ይተላለፍ» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «የዘሩን ጊዜ ወዴት እናስተላልፈው?»

ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማላጣው ሰውዬ፣ ሪፖርቱን አጥፌ እንደነሱ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ጀመረ።