የካሳሁን ቻናል ተመልካች አገኘ

የቡራዩው ቧንቧ ሠራተኛ ካሳሁን የጥገና ቪዲዮ የሚጭንበት የዩቲዩብ ቻናል ከፈተና ስሙን «የንጋት ጮራ» አለው። ባነሩ ላይ አንበሳ ለጠፈ፤ ቪዲዮዎቹን «ሙዚቃ» ምድብ ውስጥ ከተታቸው። ታዲያ ማን ያግኘው?

እህቱ ሊሊ ተናደደች። «ቧንቧ የሚያፈስበት ሰው አንበሳ ይፈልጋል እንዴ?» ብላ ስሙን «የቧንቧ ጥገና በቡራዩ» አደረገችው። አንበሳውን አንስታ መፍቻ የያዘ እጅ ተካች፤ መግለጫውን «የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዴት ይጠገናል?» ብላ ጀመረች፤ ምድቡንም አስተካከለች።

በሳምንቱ የመጀመሪያው አስተያየት መጣ። ቪዲዮው ላይ የሚታየው እጅ ብቻ ነው፤ የጻፈችው ደግሞ የገዛ ሚስቱ እናትነሽ ናት፦ «ይባረኩ! ዓመት ሙሉ ያፈሰሰውን የወጥ ቤቴን ቧንቧ እርስዎን አይቼ ራሴ ሠራሁት። ባሌም ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ እሱን ግን ፈልጎ የሚያገኘው የለም።»